ነጭ ጥጥ ሳጥን ውስጥ ለምን ቢጫ ይሆናል? የላብና የስታርች ድርሻ



ነጭ ሆኖ ሳጥን ገብቶ ቢጫ ሆኖ የሚወጣ የጥጥ ልብስ በየቤታችን አለ። ለጥምቀት የተለበሰ ቀሚስ፣ የልጅ የክርስትና ልብስ፣ ከእናት የተወረሰ ኩታ በክብር ታጥፎ ይቀመጣል። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲገለጥ አንገቱና ብብቱ ቢጫ ሆኗል፤ እጥፋቱ ላይም መስመር ተስሏል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ሳጥኑ ነው። «አየር አጥቶ ታፈነ»፣ «እርጥበት አገኘው» ይባላል። ሳጥኑም ሆነ እርጥበቱ ድርሻ አላቸው፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ቢጫ የሚሆነው ነገር ልብሱ ሳጥን ሲገባ አብሮት ገብቷል። ያን ዕለት ቀለም ስላልነበረው ዓይን አላየውም፤ ቀለሙን ያወጣው ጊዜ ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋሁትን ቀሚስ እንደ ምሳሌ እንየው። በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ የአገር ልብስ ነው። ባለቤቱ ለሠርግ ከጠዋት እስከ ማታ ለብሳዋለች። ስታወልቀው ንጹሕ ስለመሰላት አላጠበችውም። ስታርች፣ ብዙዎቻችሁ አሚዶ የምትሉትን ማለቴ ነው፣ ነፋችበት፤ በጋለ ካውያ ተኮሰችው፤ አጣጥፋ በፌስታል ጠቅልላ ከእንጨት ሳጥን ከተተችው። ሳጥኑ ቆርቆሮ ጣራ ባለው ክፍል ውስጥ 4 ዓመት ተቀመጠ። ያደረገችው ሁሉ ልብሱን ከማክበር የመጣ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ልብሱን የጎዳው ቸልተኝነት ሳይሆን በእንክብካቤ ስም የለመድነው አሠራር ነው።

ከብብቱና ከአንገቱ እንጀምር። እዚህ ቢጫው ጠቆር ያለ ነው፤ ዳርቻው ደግሞ ከመካከሉ ይበልጥ ይታያል። «ላብ ውኃ ነው፣ ሲደርቅ ያልቃል» የሚል ሰው ግማሽ እውነት አለው። ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው ላብ 99 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ቀሪው ጨው፣ ዩሪያ፣ ላክቲክ አሲድና ትንሽ ትንሽ ሌላ ነገር ነው። ብብት ላይ ግን ሌላ ዓይነት የላብ ዕጢ አለ፤ ፕሮቲንና ስብ ያለበት ወፈር ያለ ላብ ያወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንገትን፣ ጀርባንና ደረትን የሚያለሰልሰው የገላ ወዝ አለ። ወዝ ቅባት ነው። ውኃው ሲተን ወዙ በክሩ ውስጥ ይቀራል። ቀለም ስለሌለውና ስስ ስለሆነ በነጭ ልብስ ላይ አይታይም።

ይህ ቅባት ኦክስጅን የሚያጠቃቸው ሞለኪውሎች አሉበት። ከነዚህ አንዱ ስኳሊን ይባላል፤ ከገላ ወዝ ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ የሚበልጠው እሱ ነው። ሞለኪውሉ ላይ ኦክስጅን በቀላሉ የሚገባባቸው 6 ደካማ ቦታዎች አሉ። አየር ቀስ በቀስ በነዚህ ቦታዎች ይገባና ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ወዙም እየወፈረ፣ እየተጣበቀ፣ እየቆየም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። የኑግ ዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ ቀርቶ የሚደርቀውን ቢጫና ሙጫ መሰል ነገር አይታችኋል፤ ልብሱ ላይ የሚሆነውም በመሠረቱ እንደዚያው ነው። የጠርሙሱ አፍ በአንድ ማጠብ እንደማይለቅ ሁሉ 4 ዓመት የቆየ ወዝም በተራ ሳሙና አይለቅም። በለበሱበት ሳምንት ቢታጠብ ግን ለብ ያለ ውኃና ማንኛውም ጥሩ ሳሙና ያወጣው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ብብት ሽታ መከላከያ ልናገር፤ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣበታል። ላብን የሚያግደው ዓይነት የአሉሚኒየም ጨው አለበት። ይህ ጨው ከላቡ ፕሮቲንና ከወዙ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ነገር ይሠራል። ብብቱ ላይ ስትዳስሱት እንደ ካርቶን ደረቅ የሚል ቢጫ ካገኛችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው። አንገት ላይ ያለው ቢጫ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ እሱ ወዝ ብቻ ነው። ልዩነቱን ጣት ይለየዋል።

አሁን ወደ ስታርች ልምጣ፤ የዛሬው ንግግሬ እምብርት እዚህ ነው።

ጥጥ ሴሉሎስ ነው። ስታርችም የሴሉሎስ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የተሠሩት ከግሉኮስ ነው። የሚለያቸው ግሉኮሶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት አቅጣጫ ነው። በሴሉሎስ ውስጥ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ብለው፣ ጎን ለጎን ጥቅጥቅ ብለው ስለሚተኙ ውኃም አየርም በቀላሉ አይገባባቸውም። ጥጥ ብዙ ዘመን የሚኖረው ለዚህ ነው። የስታርች ሰንሰለት ግን ጠመዝማዛና ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ ገላጣ ነው። እርጥበት ይስባል፣ አሲድ በቶሎ ይቆራርጠዋል፣ ሻጋታና ነፍሳትም ይመገቡታል።

ስታርች ልብስ ላይ የሚነፋው ለማማር ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሚለበስ ልብስ እውነተኛ ጥቅም አለው። ክሩን በስስ ሽፋን ስለሚያለብሰው አቧራውና ወዙ ክሩ ላይ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ ያርፋል፤ ሲታጠብ ሽፋኑ ይሟሟና ቆሻሻውን ይዞ ይሄዳል። በስታርች የደረቀ አንገትጌ ከሌላው ቀድሞ የሚጠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስታርችን ጭራሽ ተዉ አልልም። የምለው፣ ዛሬ ለሚለበስና ነገ ለሚታጠብ ልብስ ወዳጅ የሆነው ስታርች ለሚቀመጥ ልብስ ጠላት ይሆናል ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ከታጠበ ብቻ ነውና።

ይህ ቀሚስ ላይ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ስታርቹ የተነፋው ባልታጠበ ላብና ወዝ ላይ ነው። ስለዚህ ወዙን ከመከላከል ይልቅ ከክሩ ጋር አጣብቆ ሸፈነው። ከዚያ ካውያው መጣ። ለጥጥ የሚደረገው የካውያ ሙቀት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት ስታርች መቆራረጥ ይጀምራል፤ ካውያው ትንሽ ከዘገየበት ወደ ቢጫ ያደላል። የተቆራረጠው ስታርች ከላቡ ውስጥ ናይትሮጅን ካላቸው ነገሮች ጋር፣ ማለትም ከአሚኖ አሲዶችና ከፕሮቲን ጋር፣ ሲገናኝ ደግሞ ሌላ ቢጫና ቡናማ ቀለም ይወለዳል። ይህ ሁለተኛው ሥራ እሳት ላይ በደቂቃ የሚያልቅ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ግን ሳይቋረጥ በዓመታት ይካሄዳል። ላብ ብቻውን፣ ስታርችም ብቻውን ቢጫ ይሆናሉ፤ አብረው ሲሆኑ ግን ጉዳቱ ይብሳል።

ቀሚሱን በሙሉ ብትመለከቱት ብብትና አንገት ባልሆነው ቦታም ክሬም መስሏል። ጠርዙ በታጠፈበትና ጨርቁ በተደራረበበት ደግሞ ይበልጥ ደምቋል፤ ስታርቹ እዚያ ስለተጠራቀመ ነው። ይህ መልክ ከላብ አይመጣም፤ ላብ ሰውነት በነካበት ብቻ ይታያል። ሁሉ ቦታ የተበተነ ቢጫ ስታርችን፣ ያልተለቀለቀ ሳሙናን ወይም የበረኪናን ቅሪት ያመለክታል።

ስታርቹ ከየት እንደመጣም መጠየቅ ይገባል፤ ሁልጊዜ የነፋነው እኛ አይደለንም። በእጅም ሆነ በፋብሪካ ሽመና ድሩ ከመወጠሩ በፊት እንዳይበጠስ የተቀቀለ ዱቄት ወይም ስታርች መቀባቱ የቆየ ልማድ ነው። አዲስ ጨርቅ ሲገዛ ደረቅ የሚለው አንድም በዚህ ነው። አዲስ ነጠላ «ገና አልተለበሰም፣ ንጹሕ ነው» ብሎ ሳያጥቡ ሳጥን መክተት፣ የሸማኔውን ስታርች አብሮ መክተት ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠውን የአዮዲን ጠብታ ግዙ፤ አንድ ጠብታ በሻይ ማንኪያ ውኃ አቅጥኑ። ከልብሱ የውስጥ ስፌት ላይ አጭር ክር ቁረጡና ክሩ ላይ አንጠባጥቡበት። ስታርች ካለ ክሩ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ከሌለ የአዮዲኑን የራሱን ሻይ መሰል ቢጫ ይዞ ይቀራል። ልብሱ ላይ በስሕተት ካረፈ አንድ የቫይታሚን ሲ ክኒን በውኃ አሟሙታችሁ ብትነኩት አዮዲኑ ቀለሙን ያጣል፤ ከዚያ በውኃ ይታጠባል። ከዚህ ቀሚስ ጠርዝ የተቆረጠው ክር እንደ ቀለም ብዕር ጠቁሯል።

አሁን የቀሩትን ሁለት ምልክቶች በአጭሩ ልለፍባቸው። በእጥፋቱ ላይ ያለው መስመር ሳጥኑ የሠራው ነው። እንጨት አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል፤ ከእንጨቱ ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጠውም የልብሱ የእጥፋት ጀርባ ነው። በዚያ ላይ ስታርች ያደረቀው ክር ሲታጠፍ እንደ ወረቀት ይሰበራል፤ እጥፋቱ ላይ ቢጫና መሳሳት አብረው የሚገኙት ለዚህ ነው። ፌስታሉን የነካው የውጭ ገጽ ደግሞ ፈዘዝ ያለ የሎሚ ቢጫ አለው። ብዙ ፕላስቲክ እንዳያረጅ ቢኤችቲ የሚባል ነገር ይጨመርበታል፤ ይህ ነገር ከፕላስቲኩ ወደ ጨርቁ ይተናል። ከመኪና ጭስ ወይም ከምድጃ ከሚመጣው የናይትሮጅን ጋዝ ጋር ሲገናኝም ቢጫ ይሆናል። ይህኛው ቢጫ በተለይ በፀሐይ ይጠፋል። ልብሱን አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት፤ ከውጭ ገጽ የጠፋው ከፕላስቲክ የመጣው ነው፤ የቀረው የላብና የስታርች ነው።

ሙቀትና እርጥበት ይህን ሁሉ የሚያፋጥኑ ናቸው እንጂ ከባዶ አይፈጥሩትም። እንደ ግምታዊ ልማድ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ሳጥን እና ምድር ቤት ቀዝቃዛ ግድግዳ አጠገብ ያለ ሳጥን ስለዚህ እኩል አይደሉም። ከሁለቱም ግን በሚገባ ታጥቦ የገባ ልብስ ከረጅም ጊዜ በኋላም ነጭ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ይህ ቀሚስ ምን ይደረግለት? ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው በረኪና ነው፤ እባካችሁ አታንሡት። በረኪና ከላቡ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ራሱ ቢጫ የሆነ ነገር ይሠራል። የአሉሚኒየሙን ጨው አያወጣም። ሴሉሎሱንም በኦክስጅን ያጠቃዋል፤ ዛሬ ነጭ የመሰለው ጨርቅ ደክሞ በሚቀጥለው ዓመት ከቀድሞው ይበልጥ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ጥለቱ ሐር ከሆነ ደግሞ ያበላሸዋል። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣትም የሚወደድ ዘዴ ነው። የዝገት ነጥብ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን የሎሚ አሲድ እንደ ኮምጣጤ ስለማይተን ካልተለቀለቀ በስተቀር ክሩ ውስጥ ቀርቶ ሴሉሎሱን ይቆርጣል፤ ካውያ ሲያርፍበት ደግሞ ፈጥኖ።

መጀመሪያ ጥንካሬውን ፈትኑ። እጥፋቱ ላይ ጨርቁን በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ክሩ ጠስ ጠስ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ከተሰነጠቀ ውኃ ውስጥ ክብደቱን አይሸከምም፤ ወንፊት ወይም አሮጌ መጋረጃ ላይ አሳርፋችሁ ካልሆነ አታንሡት። የጥለቱንም ቀለም ፈትኑ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጫኑበትና ቀለም ከለቀቀ ጥለቱን ለብቻው ሳይነኩ መሥራት ያስፈልጋል።

ከዚያ በተራ ለብ ያለ ውኃ ብቻ ዘፍዝፉት፤ ሳሙና አታግቡ። ሰዓት ሳይሞላ ውኃው ሻይ ሊመስል ይችላል። ያ የወጣው የተቆራረጠው ስታርችና ያረጀው ሴሉሎስ ነው፤ ሙዚየም ውስጥ የጥንት ጨርቅ የሚጠግኑ ባለሙያዎችም ሥራቸውን የሚጀምሩት በዚህ ነው። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ለውጡት። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ሳሙናና መድኃኒት ላይ ይጣደፋል፤ ከቢጫው ትልቁን ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ተራ ውኃ ይወስደዋል።

ቀጥሎ ስታርቹንና ወዙን አንድ ላይ የሚያጠቃ ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ይመጣል። መለያው ላይ «ኢንዛይም» የሚል ቃል ፈልጉ። ስታርችን የሚቆርጠው አሚላዝ ይባላል፤ በምራቃችን ውስጥና በብቅል ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ውኃው 40 ዲግሪ ገደማ፣ ማለት እጅ በምቾት የሚታገሠው ሙቀት፣ ይሁን። ከፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ የላቡ ፕሮቲንም ክሩ ላይ ይበስላል። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሐር ወይም ሱፍ ጥለት ላለው ልብስ ግን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አይሆንም፤ ጥለቱን ራሱን ይበላዋል።

የቀረውን ቢጫ ኦክስጅን የሚያወጣ ዱቄት ማንጪያ ያስለቅቀዋል፤ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ነው። ውኃ ሲነካው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሶዳ ይሆናል። ለ5 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ካስፈለገ ሌሊቱን ይቆይ። ይህም ለሐርና ለሱፍ አይሆንም፤ የወርቅ መልክ ላላቸው ክሮችም እንዲሁ። ከዚያ እርጥቡን ሣር ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ብታስመቱት መልካም ነው። እናቶቻችን ወንዝ ዳር ሣር ላይ ልብስ ሲያሰጡ ፀሐይና እርጥበት አብረው ቢጫውን እንደሚሰብሩ በልምድ ያውቁ ነበር። በእንዶድ ያጠቡ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ አጣቢዎች በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያዩበት ይኸው ተክል ወዝ የሚያነሣ አረፋ አለው።

ማለቅለቁ ላይ ግን አትቸኩሉ። ሳሙናም፣ ሶዳም ከቀሩ ሳጥን ውስጥ ቢጫ ይሆናሉ። ውኃው አረፋ እስኪያጣና ጨርቁ በጣት መካከል ሙልጭልጭ ማለቱን እስኪያቆም ሦስት አራት ጊዜ ይለቅለቅ። ለ10 ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሮ አንዴ ማለፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ መጨረስ፣ የቀረውን ሶዳ ያረክሰዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ይህ ቀሚስ ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው አይመለስም። ወዙና ስታርቹ ይወጣሉ፤ እጥፋቱ ላይ ራሱ ሴሉሎሱ የተጎዳበት ቢጫ ግን ቢነጣም ጥንካሬውን አያገኝም። ባለቤቱን የነገርኳትም ይህንኑ ነው። እሷም በተራዋ የሚጠቅም ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ታዲያ ከእንግዲህ እንዴት አድርጌ ላስቀምጠው?» አለችኝ።

አንድ ሰዓትም ቢለበስ ይታጠብ። ስታርች አይነፋ፤ ካውያም አይንካው፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ እንዳለ ይግባ። ስታርቹንና ካውያውን ከሳጥን በሚወጣበት በበዓሉ ዋዜማ አድርጉለት። ናፍታሊን ለጥጥ ብዙም አይጠቅም፤ ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው። ጥጥ ላይ የሚመጡት ብርማ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ነፍሳት የሚፈልጉት ስታርቹን ስለሆነ ስታርች የሌለው ልብስ ብዙም አይስባቸውም። ልብሱን በፌስታል ምትክ በአቡጀዲ ጠቅልሉት። ከመታጠፍ ይልቅ በጥቅልል ቢቀመጥ ይሻላል፤ ካልተቻለ በየዓመቱ እጥፋቱን ከቀድሞው ቦታ አዛውሩት። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ብዙ ስታርች ይዞ ስለሚወጣ መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ አጥባችሁ በአዮዲን ፈትኑት። ከእንጨቱ የሚወጣውን አሲድ ከልብሱ ቀድሞ የሚቀበለው አቡጀዲው ነውና እሱን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እጠቡት።